አንድ ሽሮፕ፣ ሁለት ልጆች፦ ኦንዳንሴትሮን ለየትኛው?

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የ1 ዓመት ከ8 ወር ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አደረ። የሰጠሁትን ሁሉ ይመልሰዋል። ጠዋት ዳይፐሩ ደረቅ ነበር። ሐኪም ቤት ስወስደው ኦንዳንሴትሮን የሚባል ሽሮፕ አዘዙለትና እዚያው 2 ሚሊ ሰጡት። በግማሽ ሰዓት ማስመለሱ ቆመ፣ ኦአርኤስም ጠጣ። በማግስቱ የ5 ዓመቷ እህቱ ጀመራት። እሷ ያስመለሰችው ሁለቴ ነው፣ ውሃም ትጠጣለች፣ ግን ተቅማጥ አላት። ከተረፈው ሽሮፕ ያንኑ 2 ሚሊ ሰጠኋት። ተቅማጧ ጭራሽ ባሰባት። ጥፋቱ የኔ ይሆን? መጠኑስ በዕድሜ ነው በኪሎ? ሌላ ጊዜ ራሴ ልስጥ ወይስ አልስጥ? እሱ 11 ኪሎ ነው፣ እሷ 18።»

እህቴ፣ ከሚያስጨንቅዎት ልጀምር። ልጅዎን አልጎዷትም። የሰጧት መጠን ለኪሎዋ እንዲያውም ያንሳል። ነገር ግን መድኃኒቱ ከመነሻው ለእሷ አያስፈልጋትም ነበር። ለወንድሟ ያስፈልገው ነበር፤ በትክክለኛው ሰዓትም ደረሰለት። የያዛቸው ቫይረስ አንድ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን ያሉበት ሁኔታ ለየቅል ነበር።

ይህን ለማየት መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል። ቫይረሱ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ሲያጠቃ፣ እዚያ ያሉ አንዳንድ ሴሎች ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ሴሮቶኒኑ ከአንጀት ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይቀሰቅሳል። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ ልጁ ያስመልሳል። ኦንዳንሴትሮን ሴሮቶኒኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ መልእክቱም ይቋረጣል። መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የካንሰር ሕክምና ለሚያስታውካቸው ሰዎች ነበር። በኋላ ነው የሕፃናት ሐኪሞች ትውከትና ተቅማጥ ለያዛቸው ልጆች መስጠት የጀመሩት።

ልብ ይበሉ፣ ቫይረሱን አይነካውም። ተቅማጡን አያቆምም። የወጣውን ውሃና ጨው አይተካም። ሥራው አንድ ነው፤ ልጁ የጠጣው ነገር ለጥቂት ሰዓታት ሆዱ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። በእነዚያ ሰዓታት የሚጠጣው ኦአርኤስ ነው ልጁን የሚያድነው። ስለዚህ አንድ ልጅ መድኃኒቱ ያስፈልገው እንደሆነ ስጠየቅ፣ የማስመለሱን ብዛት ብቻ አልቆጥርም። «ማስመለሱ እንዳይጠጣ ከልክሎታል ወይ? ፈሳሹስ እያለቀ ነው ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ለወንድ ልጅዎ የሁለቱም መልስ አዎ ነው። የሰጡትን ሁሉ ሌሊቱን ሲመልስ አድሯል። ጠዋት ዳይፐሩ ደረቅ ነበር። ይህች ሁለተኛዋ ነገር ትልቅ ምልክት ናት። ሰውነት ፈሳሽ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆጥበው ሽንትን ነው። ከዚያ አፍና ምላስ ይደርቃሉ፣ ሲያለቅስ እንባው ይጠፋል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ይነጫነጫል፣ ውሃ ሲያይ ይንሰፈሰፋል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። ፈሳሽ ማጣት የጀመረ፣ ነገር ግን ገና ያልተዳከመና መጠጣት የሚችል ልጅ ማለት ይህ ነው። ኦንዳንሴትሮን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነው።

ይህን የምለው ከልምድ ብቻ አይደለም። በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 10 ዓመት የሆኑ 215 ልጆች ተሳተፉበት። ሁሉም ያስመልሳሉ፤ ቀላል ወይም መካከለኛ የፈሳሽ እጥረትም አለባቸው። ግማሾቹ አንድ ጊዜ ኦንዳንሴትሮን ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ተመሳሳይ የሆነ ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። ከዚያ ሁሉም በአፋቸው ፈሳሽ ይጠጡ ጀመር። መድኃኒቱን ካገኙት ከ100 ልጆች 14ቱ በሚጠጡበት ጊዜ አስመለሱ። ካላገኙት 35ቱ። ግሉኮስ መሰቀል ያስፈለጋቸውም መድኃኒቱን ካገኙት ከ100 ልጆች 14ቱ፣ ካላገኙት ደግሞ 31ዱ ነበሩ። የአንድን ሕፃን ደም ሥር ስትፈልግ ያመሸች ነርስ የዚህን ልዩነት ዋጋ ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ሴት ልጅዎ። ሁለቴ ብቻ አስመልሳለች። ውሃ ትጠጣለች፣ የጠጣችውም ሆዷ ውስጥ ይቆያል። የእሷ ችግር ተቅማጡ ነው። ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ለተቅማጥ ምንም አይጠቅምም። ፓኪስታን ውስጥ ተቅማጥና ትውከት ያላቸውን፣ ግን ገና ፈሳሽ ያላጠራቸውን ልጆች ይዞ የተሠራ ጥናት በ2019 ታትሟል። እነዚያ ልጆች መድኃኒቱን ቢያገኙም ግሉኮስ የሚያስፈልጋቸው ቁጥር አልቀነሰም። በሩ ክፍት ከሆነ ቁልፍ ምን ያደርጋል? ልጅዎ የሚያስፈልጋት ከእያንዳንዱ ቅዝን በኋላ አንድ ሙሉ ኩባያ ኦአርኤስ፣ እንደ ልማዷ ምግብና ዓይንዎን ከእሷ አለማንሳት ብቻ ነበር።

ተቅማጧ የባሰባት በመድኃኒቱ ነው ወይ ላሉኝ፣ ትንሽ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። በዚያው በ2006ቱ ጥናት መድኃኒቱን ያገኙ ልጆች ከሌሎቹ ጥቂት በዛ ያለ ተቅማጥ ነበራቸው። ምክንያቱ አያስገርምም፤ በትውከት ይወጣ የነበረው ፈሳሽ አሁን አንጀት ውስጥ ቀርቶ በታች ይወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ያልፋልም። የልጅዎ መጠን ደግሞ ዝቅተኛ ነበር። የኔ ግምት በሽታው ራሱ መንገዱን እየሄደ ነበር የሚል ነው። በዚህ በሽታ ማስመለሱ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ጋብ ይላል፤ ተቅማጡ ያኔ ነው የሚብሰው፣ ሳምንት ያህልም ሊቆይ ይችላል። እናቶች በዚያች መገጣጠሚያ ቀን ላይ የሰጡትን ነገር ሁሉ ይጠረጥራሉ። እርስዎም እዚያው ቀን ላይ ነው የሰጧት።

ወደ መጠኑ ልምጣ። መጠኑ በኪሎ ነው፣ በዕድሜ አይደለም። ሁለት የ2 ዓመት ልጆች አንዱ 9 ኪሎ፣ ሌላው 15 ሊሆኑ ይችላሉ። መነሻው ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.15 ሚሊግራም ነው። ለወንድ ልጅዎ 11 በ0.15 ሲባዛ 1.65 ሚሊግራም ይመጣል። ብዙ ሐኪሞች ግን ስሌቱን ለማቅለል በኪሎ ክልል ይሰጣሉ። ከ8 እስከ 15 ኪሎ ለሆነ ልጅ 2 ሚሊግራም፣ ከ15 በላይ እስከ 30 ኪሎ 4 ሚሊግራም፣ ከ30 ኪሎ በላይ 8 ሚሊግራም። በአንድ ጊዜ ከ8 ሚሊግራም አይታለፍም። ስለዚህ አንዱ ሐኪም ለልጅዎ 1.6፣ ሌላው 2 ሚሊግራም ቢያዝ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከ6 ወር በታች ለሆነ ወይም 8 ኪሎ ላልሞላ ሕፃን ግን እንዲሁ ተነስቶ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። እንዲህ ያለ ሕፃን ደጋግሞ ካስመለሰ ሐኪም ራሱ ሊያየው ይገባል።

እስካሁን የተናገርኩት በሚሊግራም ነው። እርስዎ ግን የጻፉልኝ በሚሊ ነው። ስህተት የሚፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

የኦንዳንሴትሮን ሽሮፕ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 4 ሚሊግራም አለው። ሌላው በዚያው በ5 ሚሊ ሊትር 2 ሚሊግራም ብቻ ነው ያለው። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፣ ጣዕማቸውም እንደዚያው። ለልጅዎ የሰጡት 2 ሚሊ ከመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ 1.6 ሚሊግራም አገኘ፣ ልክ ነው። ከሁለተኛው ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው 0.8 ሚሊግራም ነው፣ የሚገባውን ግማሽ ማለት ነው። ወዲያው እንደቆመለት ስለነገሩኝ የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል። ግን ጠርሙሱን አንስተው ይዩት። አደጋው በተቃራኒውም አለ። በ5 ሚሊ 2 ሚሊግራም ካለው ሽሮፕ 4 ሚሊ መስጠት የለመደች እናት በሚቀጥለው ጊዜ 4 ሚሊግራም ያለውን ገዝታ ያንኑ 4 ሚሊ ብትሰጥ፣ ልጇ እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ለዚህ ነው «ልጄ ስንት ሚሊ ይውሰድ?» ለሚል ጥያቄ በስልክ የማልመልሰው። መጀመሪያ ኪሎውን፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

በዚህ ስሌት ሴት ልጅዎን እንያት። 18 ኪሎ ናት። ቢያስፈልጋት ኖሮ በኪሎ ሲሰላ 2.7 ሚሊግራም፣ በክልሉ ደግሞ 4 ሚሊግራም ነበር የሚገባት። 2 ሚሊ ሲሰጧት ያገኘችው 1.6 ነው። የወንድሟን ልክ ለእሷ መስጠት፣ ጫማውን ለእሷ እንደማጥለቅ ነው። ዘንድሮ ለወንድሟ የሚበቃውም በሚቀጥለው ዓመት ኪሎው ሲጨምር አይበቃውም። እናም ከመስጠትዎ በፊት የቅርብ ጊዜ ኪሎ ይኑርዎት። ሚዛን ካለ ልጁን አቅፈው ይመዘኑ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ልዩነቱን ይውሰዱ።

ሽሮፑ የሚለካው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ነው። የቤት ማንኪያ አንዱ 3 ሚሊ፣ ሌላው 7 ሚሊ ይይዛል። 2 ሚሊ ለመለካት ማንኪያ አይታመንም። ሲሪንጁን በጉንጩ በኩል አስገብተው ቀስ ብለው ይግፉት። ጉሮሮው ላይ ከረጩት ይታነቃል፣ ወይ ወዲያው ይመልሰዋል። ምላስ ላይ የሚሟሟ ኪኒን ካጋጠመዎት ደግሞ በደረቅ እጅ ማሸጊያውን ልጠው ያውጡት እንጂ በወረቀቱ ውስጥ ገፍተው አይብሱት፤ በቀላሉ ይፈረፈራል። ምላሱ ላይ ሲያደርጉት በሰከንዶች ይሟሟል፣ ከዚያ በምራቁ ይውጠዋል። ለትንሽ ልጅ ከ4 ሚሊግራሙ ግማሹን መስጠት ይቻላል፣ ግን እኩል መክፈል ከባድ ስለሆነ እኔ ለሕፃን ሽሮፑን እመርጣለሁ።

ከሰጡት በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ብዙ ወላጆች የሚቸኩሉበት ነው። መድኃኒቱ እስኪሠራ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ መሐል ብዙ ውሃ ካጠጡት መድኃኒቱንም ውሃውንም አብሮ ያወጣዋል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰ መጠኑን አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ካስመለሰ ግን አይድገሙት፤ ገብቶለታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ኦአርኤስ ነው። እንደ ልጅዎ ፈሳሽ ማጣት ለጀመረ ልጅ የምንሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ነው፣ በ4 ሰዓት ውስጥ። ለ11 ኪሎ 825 ሚሊ ይሆናል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። «ይህ ልጅ አንድ ጉንጭ እንኳ ይዞ ማቆየት አቅቶት አድሮ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነገር እንዴት ይጠጣል?» ይባላል። መልሱ በትንሽ በትንሹ ነው። በሲሪንጅ 5 ሚሊ ይስጡት፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቆዩ፣ ሌላ 5 ሚሊ ይስጡት። ይህ በሰዓት 200 ሚሊ ይሆናል፤ በ4 ሰዓት 800 ሚሊ፣ ሂሳቡ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። እጅ ይደክማል፣ አውቃለሁ። ከቤት ሰው ጋር ይቀያየሩ። አንድ ሰዓት ያህል ሳያስመልስ ከቆየ 10፣ ከዚያ 15 ሚሊ እያደረጉ ማስፋት ይችላሉ። በመሐል ካስመለሰ 10 ደቂቃ ዕረፍት ሰጥተው ከበፊቱ ቀስ ብለው ይቀጥሉ። የሚጠባ ልጅ ከሆነ ጡት አይከልከል።

ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ማስመለሱ ይቆማል፣ ልጁም ጸጥ ብሎ ይተኛል። «እሰይ፣ ዳነ» ይባልና ኦአርኤሱ ይረሳል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የመድኃኒቱ ኃይል ያልቃል፣ ማስመለሱ ይመለሳል፣ ልጁም ያን ሁሉ ሰዓት ምንም ሳይጠጣ ተቅማጡ ግን ሲወጣ ቆይቷል። ጠዋት ሲመጣ ከማታው የባሰ ደርቆ ነው። መድኃኒቱ በሰጠን ሰዓት ካልተጠቀምንበት እንዲህ ይሆናል።

ስለ መተኛት ካነሳሁ አይቀር፣ ኦንዳንሴትሮን እንደ አንዳንዶቹ የቆዩ የማስታወክ መድኃኒቶች እንቅልፍ የሚያስወስድ አይደለም። ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ቢተኛ ተፈጥሯዊ ነው። ሲቀሰቅሱት ይነቃል፣ ያያል፣ ሲሪንጁን ይጠባል። ነገር ግን ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ እንደ ጨርቅ የተልፈሰፈሰ፣ መጠጣት ያቃተው ልጅ ካዩ «መድኃኒቱ ነው ያፈዘዘው» ብለው አይጠብቁ። ፈሳሹ በጣም አልቆበት ወይም የደም ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ በአፍ የሚሰጠው ነገር የለም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

የልብ ነገርም አለ። ኦንዳንሴትሮን የልብን የኤሌክትሪክ ምት ጥቂት ሊያዘገይ ይችላል። ጤነኛ ልጅ በአፉ አንድ ጊዜ ቢወስድ ይህ ችግር ሲያመጣ አላየሁም፤ ስጋቱ በይበልጥ በደም ሥር በሚሰጥና ከፍ ባለ መጠን ነው። ነገር ግን ከልጅነቱ የልብ ምት ችግር ያለበት ልጅ ካለ፣ ወይም ከቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው። እንዲሁም ልጁ አዚትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን፣ ወይም አንዳንድ የወባ መድኃኒቶችን እየወሰደ ከሆነ ይንገሩ። እነሱም የልብን ምት በዚያው መንገድ ስለሚነኩ ይደራረባሉ። ለብዙ ቀን ተቅማጥ ያደከመው ወይም በጣም የከሳ ልጅም የፖታሲየም እጥረት ሊኖርበት ስለሚችል ለብቻው ይታያል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የ4 ዓመት ልጅ መጣ። ከአንድ ቀን በፊት ማስመለስ ጀምሮ የሆነ ቦታ ኦንዳንሴትሮን ተሰጥቶት ነበር። ማስመለሱ ቀንሶለታል። እናቱ የመጣችው አተነፋፈሱ ስላስጨነቃት ነው። ልጁ በረጅሙና በጥልቀት ይተነፍሳል፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ተቅማጥ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «የለም» አለችኝ። ሽንቱስ? «ኧረ ሽንትማ፣ ሌሊት አልጋውን ያጥለቀልቀዋል።» እዚያ ላይ ቀና አልኩ። እያስመለሰ፣ አፉ ደርቆ፣ ሽንቱ ግን የሚበዛ ልጅ ትውከትና ተቅማጥ የያዘው ልጅ አይደለም። ጣቱን ወግተን ስኳሩን ስንለካ ከመለኪያው አቅም በላይ ነበር። የስኳር በሽታ ነበረበት፣ ደሙም አሲድ ሆኖ ነበር። ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማስመለሱ በመቀነሱ ግን አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቷል።

ስለዚህ ተቅማጥ የሌለበትን ትውከት በችኮላ «የአንጀት ቫይረስ ነው» አልልም። ተቅማጡ አንዳንዴ በጥቂት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል፣ እውነት ነው። እስኪመጣ ግን ጥርጣሬው ክፍት ይሁን። የሚወጣው ነገር እንደ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለው፣ ሆዱ ከተነፋና ሲነካ ከጮኸ፣ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ካስለቀሰው፣ ጭንቅላቱን ወድቆ ከነበረ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ካለው፣ ኦንዳንሴትሮን አይሰጠውም። ማስመለሱ እዚያ ላይ ማስጠንቀቂያ ነው። ድምፁን አጥፍተን የሚቃጠለውን ቤት መተው ይሆንብናል።

ራሴ ልስጥ ወይ ላሉኝ መልሴ ይኸው። ሐኪም አይቶት፣ በሽታው ትውከትና ተቅማጥ መሆኑን አረጋግጦ፣ በኪሎው ልክ በሚሊግራም ጽፎ ወደ ቤት የሰጠዎትን መድኃኒት፣ ለዚያው ልጅ፣ በዚያው ሕመም ይስጡ። ይህ በቂ መሠረት አለው። ካናዳ ውስጥ በ6 የሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች ከ1,000 በላይ ልጆች የተሳተፉበት ጥናት በ2025 ታትሟል። ወላጆች በሚቀጥሉት 2 ቀናት ልጁ ሲያስመልስ ብቻ የሚሰጡት እስከ 6 መጠን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። በሳምንቱ ውስጥ ሕመሙ መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ የደረሰባቸው መድኃኒቱን ከያዙት ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ሲሆኑ፣ ካልያዙት 12 ያህሉ ናቸው። ልብ ይበሉ፣ እነዚያ ልጆች ሁሉ መጀመሪያ በሐኪም ታይተዋል። ደጋግመው ሲያስመልሱም ነበር። ወላጆቹም መጠኑ ተሰልቶ ተሰጥቷቸዋል።

ከወራት በኋላ ሌላ ሕመም ሲመጣ፣ ወይም ሌላው ልጅ ሲጀምረው፣ ከመደርደሪያ ላይ የተረፈውን አውርዶ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ መጀመሪያ ኦአርኤሱን በሲሪንጅ፣ 5 ሚሊ 5 ሚሊ እያደረጉ ይሞክሩ። ብዙ ልጆች በዚህ ብቻ ይወጡታል። አንድ ሰዓት ያህል ሞክረው የሰጡትን ሁሉ ከመለሰው፣ ወይም ከ6 ሰዓት በላይ ሽንት ካልሸና፣ ልጁን ይዘው ይሂዱ። ጠርሙሱንም አብረው ይውሰዱት። ሰጥተውት ከሆነ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሚሊ እንደሰጡ ወረቀት ላይ ይጻፉና ለሐኪሙ ያሳዩ። ሁለተኛ መጠን ካስፈለገ ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ሳይሞላ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ሰዓት የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።